ፊታቸውን ያላየኋቸው ወዳጆች

በአገራችን ልማድ ወዳጅ የሚባለው አብሮ የበላና አብሮ የጠጣ፥ በሠርግም በለቅሶም የተገኘ ሰው ነው። ጐረቤት በቡና፥ የማኅበር ሰው በጠላውና በዳቦው፥ የሥራ ባልደረባም ደመወዝ በወጣበት ቀን በሚበላው ምሳ ይታወቃል። ከእነዚህ ሁሉ ትንሽ ለየት ያለ አንድ የወዳጅነት ዐይነት ደግሞ አለ፤ እርሱም በደቦ የሚገኘው ነው። ለአጨዳ የተጠሩ ሰዎች ብዙ አይነጋገሩም፤ ፊታቸው ወደ አዝመራው፥ ጀርባቸው ወደ ፀሐይ ነውና። ይሁን እንጂ ቀኑ ሳይመሽ ማን ብርቱ፥ ማን ሰነፍ፥ ማንስ የደከመውን ጓደኛውን ድርሻ ጨምሮ የሚያጭድ እንደ ሆነ ሁሉም ያውቀዋል።

ዛሬ ልጽፍበት ያሰብሁት ነገር በተለያዩ አገሮች የሚኖሩ ሰዎች በኮምፒዩተር አማካይነት፥ በአንድነት ስለሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ጨዋታ የሚለው ስም ግን ለነገሩ ይጠበዋል። ሁለት ሰዎች ገበጣ ሲጫወቱ አንዱ ካልተሸነፈ ሌላው አያሸንፍም። እኔ የምናገርለት ግን ተጫዋቾቹ ሁሉ በአንድ ወገን ቆመው አንድ ሥራ የሚሠሩበት ነው፤ ስለዚህ ወደ ገበጣው ሳይሆን ወደ ደቦው ይጠጋል።

አስቀድሜ ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። የተወለድሁት አዲስ አበባ ነው። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ከጨረስሁ በኋላ በአንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት ተቀጥሬ ጥቂት ዓመታት አገለገልሁና በ2010 ዓ.ም. ወደ ስዊድን አገር ሄድሁ። ዛሬም በዚያው አገር በአንድ የከተማ አስተዳደር መዝገብ ቤት እሠራለሁ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግን ማለዳ ማለዳ የትምህርት ቤት ወለል እያጸዳሁ፥ ከቀትር በኋላ ቋንቋቸውን እማር ነበር። በሰው አገር ቋንቋ የሚኖር ሰው የሚደርስበትን ነገር ያልቀመሰ አያውቀውም። ሐሳቡ ፈረስ ሆኖ ይጋልባል፤ ምላሱ ግን እንደ ሽባ ወደ ኋላ ይቀራል። ሰዎቹ ጨዋዎች ስለ ሆኑ ዐረፍተ ነገሩን እስኪጨርስ በትዕግሥት ይጠብቁታል፤ ያ ትዕግሥታቸው ራሱ ደግሞ ከስድብ ይልቅ ያሳፍራል። በአገሬ ቀልደኛ ይሉኝ የነበርሁ ሰው በዚያ ዝምተኛ ተብዬ ታወቅሁ።

በ2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት የቋንቋው ትምህርት በየቤቱ በኮምፒዩተር እንዲሆን ተደረገ። ዲፕ ሮክ ጋላክቲክ የተባለውን ጨዋታ ያወቅሁት በዚያ ጊዜ ነው። ጨዋታውን ያዘጋጀው በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን የሚገኘው ጎስት ሺፕ ጌምስ የተባለ ድርጅት ሲሆን፥ በ2010 ዓ.ም. ለሙከራ፥ በ2012 ዓ.ም. ግንቦት ወር ደግሞ ተጠናቅቆ ወጥቷል። ታሪኩ አጭር ነው። አራት ጢማም ድንኮች በአንዲት ሩቅ ፕላኔት ሆድ ውስጥ ገብተው ማዕድን ይቆፍራሉ፤ ከዋሻው የሚወጡ ሸረሪት መሰል አውሬዎችን ይከላከላሉ፤ የታዘዘውንም ማዕድን ሞልተው ይመለሳሉ። ዋሻው በየጊዜው አዲስ ሆኖ ስለሚፈጠር የትናንቱ መንገድ ለዛሬ አይጠቅምም፤ ጨለማውም እጅግ ጽኑ ነው።

የነገሩ ምሥጢር ያለው በሥራ ክፍፍሉ ላይ ነው። ከአራቱ አንዱ ቆፋሪ ነው፤ እርሱ በሁለት መሰርሰሪያ ዐለቱን ሰንጥቆ መንገድ ያወጣል። ሁለተኛው መትረየሰኛ ነው፤ አውሬውን ያግዳል፥ ገደል ለመሻገሪያም ገመድ ይዘረጋል። ሦስተኛው መሐንዲስ ሲሆን በግድግዳው ላይ ፈጥኖ የሚደርቅ አረፋ እየተኰሰ መቆሚያ እርከን ያበጃል። አራተኛው ቃኚ ነው፤ ጣራው ላይ የሚጣበቅ መብራት ይተኵሳል፥ መንጠቆ ባለው ገመድም ወደ ላይ ይስፈነጠራል። እኔ ቃኚ ነኝ። ቃኚ ሃያ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለው ማዕድን መድረስ ይችላል፤ ነገር ግን የሚቆምበት የለውም፤ ዶማውን ሳያነሣ ተንሸራትቶ ይወድቃል። መሐንዲሱ ደግሞ እርከኑን ከማዕድኑ ሥር መትከል ይችላል፤ ነገር ግን እዚያ ድረስ የሚያወጣው ገመድ የለውም። ስለዚህ አንዱ ያለ ሌላው ጐዶሎ ነው። ከዚህም በላይ አንዱ ቆፍሮ ያስገባው ወርቅ ለአራቱም ሙሉ በሙሉ ይቈጠርላቸዋል እንጂ አይከፋፈልም። ለእኔ ይብለጥ ብሎ የሚሽቀዳደም ሰው የሚያገኘው ትርፍ የለም።

ለቋንቋ ምስኪኖች ደግሞ አንድ ታላቅ ነገር አለበት። እያንዳንዱ ድንክ የብርሃን ጨረር የሚያወጣ ጠቋሚ ይዟል። ጠቋሚው ባረፈበት ነገር ላይ የዚያ ነገር ስም ይጻፋል፤ ምልክቱንም ባልንጀሮቹ ሁሉ ያዩታል። ደግሞም V የተባለውን ፊደል ሲጫኑ ድንኩ ዶማውን ከፍ አድርጎ «ሮክ ኤንድ ስቶን!» ብሎ ይጮኻል። ትርጉሙ ዐለትና ድንጋይ ማለት ነው፤ ነገር ግን እንደ አነጋገሩ ጊዜ «ሰላም»፥ «አመሰግናለሁ»፥ «ይቅርታ»፥ «አለሁ» ሊሆን ይችላል። በስዊድንኛ ትምህርት ቤት በዓመት ያላገኘሁትን የመናገር ነጻነት በእነዚህ በሁለቱ፥ በጨረሩና በጩኸቱ፥ በአንድ ሳምንት አገኘሁት። በጨለማው ውስጥ የኔ አነጋገር መብራት መተኰስ ነው፤ መብራቱም የውጭ አገር ሰው ቃና የለበትም።

ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ስጫወት ብዙ ዐይነት ጠባይ አየሁ። ናይትራ የተባለ ቀይ ማዕድን ሰማንያ ሲሞላ የጥይት ስንቅ ከላይ ይወርዳል። በስንቁ ሣጥን አራት መደርደሪያዎች አሉ፤ አንዱ መደርደሪያ የአንድ ሰው ጥይት ግማሹን ይሞላል። ሁለት እንዳይወሰድ የሚከለክል ሕግ ግን በጨዋታው ውስጥ የለም። ስለዚህ ሰውን ለማወቅ ከፈለግህ በስንቁ ጊዜ ተመልከተው። አንዳንዱ ሁለቱን ጠራርጎ ሲሄድ ሌላው ባዶ ጠመንጃ ይዞ ይቀራል። አንዳንዱም ደርሶ አንዱን ካነሣ በኋላ ጨረሩን በቀረው ላይ አሳርፎ ያልደረሰውን ጓደኛውን ሲጠብቅ ይታያል። እንደኔ አስተያየት በዚያ ሣጥን ፊት የሚቆም ሰው ከብዙ ወር ንግግር ይልቅ ራሱን ይገልጻል።

የወዳጆቼ ነገር የተጀመረው በአንድ የመመለሻ ሰዓት ነው። የታዘዘው ማዕድን ሲሞላ ሞሊ የምትባለው ባለ አራት እግር ጭነት ተሸካሚ ወደ መመለሻዋ መርከብ መንገድ ትመራለች፤ በእንግሊዝኛ የመጠሪያዋ ምሕጻርም በቅሎ ማለት ነው። መርከቧ የምትጠብቀው አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ከአራቱ አንድ ሰው እንኳ ከገባ ሥራው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። በዚያ ምሽት ሦስቱ ሲገቡ እኔ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ ቆስዬ ወድቄ ነበር፤ የቀረውም አንድ ደቂቃ ከጥቂት ሰከንድ ነው። በሕጉ መሠረት ጨዋታው አልቋል፥ አሸንፈዋል። ቆፋሪው ግን ከመርከቧ ወጣ። በዋሻው ጠመዝማዛ መንገድ ቢመጣ እንደማይደርስ ስላወቀ ዐለቱን በቀጥታ ሰንጥቆ ከጎኔ ባለው ግድግዳ ብቅ አለ፤ E የተባለውን ፊደል ተጭኖ አነሣኝ፤ በቀደደውም ቀዳዳ ይዞኝ ሮጠ። መትረየሰኛዋ በመርከቧ ደጅ ቆማ አውሬውን ታግድልን ነበር። ስንገባ ጥቂት ሰከንዶች ቀርተው ነበር። «ሮክ ኤንድ ስቶን» ተባባልን፤ ሌላ የተነጋገርነው ነገር የለም። በማግሥቱ ግን ሁለቱም በጓደኝነት መዝገባቸው እንድገባ ጠየቁኝ።

ቆፋሪው በፖላንድ አገር በግዳንስክ አጠገብ የሚኖር ዳቦ ጋጋሪ ነው። መትረየሰኛዋ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል የምትኖር የሕግ ተማሪ ነበረች። ይህንን ያወቅሁት ግን ከብዙ ሳምንት በኋላ በተበጣጠሰ እንግሊዝኛ በምንጻጻፈው መልእክት ነው። ዛሬም ስማቸውን ከምጠራ ይልቅ በሥራቸው ስጠራቸው ይቀለኛል።

አራተኛው ቦታ በየምሽቱ እንግዳ ይገባበት ስለ ነበር፥ አዲስ አበባ የሚኖረውን ታናሽ ወንድሜን ጠራሁት። እርሱ በአንድ ማተሚያ ቤት በኮምፒዩተር ሥዕልና ጽሑፍ የሚያቀናጅ ባለሙያ ነው። «ጋሼ፥ እኔ ምን ልሁን?» አለኝ። «መሐንዲስ ሁን፤ እኔ እንዳልወድቅ» አልሁት። እንዲህም ሆነ። ከጥቂት ቀን በኋላ እኔ ጨረሬን ወደ ማዕድኑ ሳነሣ፥ እርሱ ሳልናገር እርከኑን ከሥሩ ይተክልልኝ ጀመር። ልጅ ሳለን ከአጥር ላይ ወጥቼ የጐረቤት ኮክ ስለቅም ከታች ሆኖ ትከሻውን የሚሰጠኝ እርሱ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ርቀት ጥቂት መናገር ይገባኛል። በዚህ ጨዋታ ከተጫዋቾቹ አንዱ ጋባዥ ይሆናል፤ ዋሻው የሚኖረው በእርሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው፤ የሌሎቹም እያንዳንዱ እርምጃ ወደ እርሱ ሄዶ ይመለሳል። ብርሃን በመስታወት ክር ውስጥ በሰከንድ ሁለት መቶ ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከአዲስ አበባ እስከ ስቶክሆልም በቀጥታ 5,900 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ መልእክት ደርሶ ለመመለስ ቢያንስ ከአንድ ሺሕ የሰከንድ ክፍል 60ው ያስፈልገዋል። ነገር ግን መስመሩ ቀጥ ያለ አይደለም፤ አገራችን ባሕር በር ስለሌላት መልእክቱ በጐረቤት አገር በኩል ወደ ጠረፍ ወርዶ የባሕሩን ወለል ይዞ ይጓዛል፤ በየመገናኛውም ይዘገያል። የወንድሜ ቍጥር እኔ ጋባዥ ስሆን 160 ያህል ይሆናል፤ የብራዚሊቱ 220፥ የጋጋሪው 40። ብራዚሊቱ ጋባዥ ስትሆን ግን የወንድሜ መልእክት መጀመሪያ ወደ አውሮፓ ወጥቶ፥ ከዚያም አትላንቲክን ተሻግሮ ስለሚሄድ ከ300 ያልፋል። ያን ጊዜ የመታው ዐለት ዘግይቶ ይፈርሳል፤ የተራመደበትም ቦታ መልሶ ወደ ኋላ ይጐትተዋል። እያፈራረቅን ሞክረን ከሁሉ የሚሻለው እኔ ጋባዥ ስሆን መሆኑን አየን። ከአገሩ የወጣ ሰው በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ከሁለቱም የራቀ እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ እዚህ ግን መካከለኛነቴ ለሁሉም የሚቀርብ ስፍራ ሆነ። ጋባዥነት ግዴታም አለበት። ጋባዡ ከወጣ ዋሻው አብሮት ይጠፋል፤ የሌሎቹም ድካም ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ደወል ቢደወል አልከፍትም፤ ምጣድ ላይ የጣድሁት ወጥ ሁለት ጊዜ ያረረውም ከዚህ የተነሣ ነው።

በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 23 ቀን፥ አርቲስት ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት፥ በመላ አገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ተቋረጠ። በዚያ ምሽት ሦስታችን ተሰብስበን አራተኛው ቦታ ባዶ ሆኖ ቀረ። በስልክ ሞክሬ ሞክሬ በሁለተኛው ቀን የእናቴን ድምፅ ሰማሁ፤ ሁሉም ደኅና ነበሩ። ጋጋሪውና ብራዚሊቱ ግን ከእኔ በቀር የሚነግራቸው ሰው አልነበራቸውም። በየምሽቱ ገና ስንገናኝ የመጀመሪያው ጽሑፋቸው «መሐንዲሱስ?» የሚል ነበር። እኔም «ደኅና ነው፥ ዛሬም በስልክ አግኝቼዋለሁ» እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ጨዋታው ቦታው ክፍት ሲሆን እንግዳ ያስገባል፤ ጋባዡ ከፈለገ ግን በሩን ይዘጋል። እንግዳ እናስገባ እንደ ሆነ ስጠይቃቸው ጋጋሪው «ቦታው የተያዘ ነው» ብሎ ጻፈ። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያህል በሦስት ሰው ሠራን። የመሐንዲስ አለመኖር ደግሞ የሚደበቅ ነገር አይደለም። አንድ ምሽት 250 ሞርካይት የተባለ ማዕድን እንድንሞላ ታዝዘን 190 ላይ ደርሰን ሳለ፥ የቀረው ሁሉ በአንድ ሰፊ አዳራሽ ጣራ ሥር ተለጥፎ አገኘነው። መብራት ተኵሼ አሳየኋቸው። ወንድሜ ቢኖር ሦስት እርከን ተክሎልኝ በሁለት ደቂቃ የሚያልቅ ሥራ ነው። ብቻዬን በመንጠቆዬ ወጣሁ፤ አንድ ጊዜ መትቼ ወደቅሁ። ደግሜ ወጣሁ፤ ደግሜ ወደቅሁ፤ ብራዚሊቱም መጥታ አነሣችኝ። የእርስዋን ገመድ እንዳንዘረጋ ቁልቁለቱ እጅግ ቀጥ ያለ ነበር፤ ገመዱ ከተወሰነ ዳገት በላይ አይያዝም። በመጨረሻ ጋጋሪው ከአዳራሹ ጀርባ ገብቶ ዐለቱን እንደ ጠመዝማዛ ደረጃ እየሰረሰረ ወደ ላይ ይወጣ ጀመር። የመሰርሰሪያው ነዳጅ በመካከሉ አለቀበት፤ ስንቅ ጠራን፤ ብራዚሊቱም አንዱን መደርደሪያዋን ለእርሱ ተወችለት። ሩብ ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ ከጣራው ሥር ቀዳዳ ከፍቶ ጨረሩን ወደ እኔ ላከ። በቀዳዳው አፍ ቆሜ ማዕድኑን ስቆፍር፥ ከታች ሁለቱ አውሬውን ይጠብቁ ነበር። ሲያልቅ ብራዚሊቱ «መሐንዲሱ ሲመለስ ይህን ያህል እንደ ተቸገርን እንዳትነግረው፤ ይኰራብናል» ብላ ጻፈች።

ነገርሁት፤ ኰራም።

የአገልግሎቱ መስመር ተከፍቶ ወንድሜ የተመለሰ ምሽት ማዕድን አልቆፈርንም። በጨዋታው ውስጥ ድንኮቹ ከሥራ በፊትና በኋላ የሚሰበሰቡበት መጠጥ ቤት አለ፤ አንዱ ለሁሉም ከፍሎ ያስቀዳል፥ በአንድነት ብርጭቆ ያነሣሉ፥ ይጨፍራሉም። ስካር የሚያበርድ የቅጠል መጠጥም አለ፤ ያን ያዘዘ ሰው መዘባበቻ ይሆናል። ወንድሜ ዕለቱ የጾም ቀን ስለ ነበረ፥ በሥዕል የሚጠጣ ቢራ ጾም ያስገድፍ እንደ ሆነ በከባድ ቁም ነገር ጠየቀኝ። እኔም ቢራ ከእህል እንጂ ከእንስሳ ስላልሆነ ከሥዕሉ ቀርቶ ከእውነተኛውም ጾም የሚያስፈታው ነገር እንደሌለ አስረዳሁት። ጋጋሪው ያንን ክርክር እንድተረጕምለት ጠይቆ ሲሰማ እጅግ ሳቀ፤ መሳቁንም ያወቅነው ድንኩ ለረጅም ጊዜ ሲዘል ስላየን ነው።

እናቴ ይህን ሁሉ በስልክ ስነግራት፥ «ልጄ፥ ፊቱን ያላየኸው ሰው ምን ወዳጅ ይባላል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ቀላል አይደለም፤ ለብዙ ጊዜም ሳብሰለስለው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ከስቶክሆልም በስተ ደቡብ ካለችው ከኒነስሃምን ወደብ በመርከብ ተሳፍሬ ወደ ግዳንስክ ሄድሁ። ጕዞው ሌሊቱን ሙሉ ይፈጃል። ጋጋሪው በወደቡ ቆሞ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፥ ትከሻው ሰፊ፥ ዐይኖቹ ዐፋር የሆኑ ሰው ነው። ተቃቀፍን፤ ከዚያ በኋላ የምንናገረው ጠፋን። በመኪናው ውስጥ ዝም ብለን ሄድን፤ በምሳውም ጊዜ ዝም አልን። ሦስት ዓመት ሙሉ በጨለማ ውስጥ እጁን ያወቅሁት ሰው በብርሃን ሲታይ እንግዳ ሆነብኝ፤ እኔም ለእርሱ እንደዚያው ሳልሆንበት አልቀረሁም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግን ወደ መጋገሪያው ሲሄድ ተከትዬው ሄድሁ። ሽርጥ ሰጠኝ። እርሱ ሊጡን ይቈርጣል፤ እኔ ክቡን በዱቄት አንከባልዬ በቅርጫቱ ውስጥ አኖራለሁ። ቃል ሳይናገር ጣቱን ወደ አንድ መደርደሪያ ሲቀስር፥ እኔም የፈለገውን ዕቃ ሳነሣ፥ ሁለታችን እኩል ተያይተን ሳቅን። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ድረስ ተነጋገርን።

ከመጋገሪያው በላይ ባለው ቤቱ፥ በግድግዳው ላይ የአንዲት ሴት ፎቶግራፍ በማዕዘኑ ጥቍር ሪባን ተለጥፎበት አየሁ። ሚስቱ ነበረች። ያረፈችው በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ነው። አስታወስሁ፤ በዚያ ወራት ሁለት ሳምንት ያህል ጠፍቶ ነበር፤ ሲመለስም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብሎ ጽፎ በዚያው ምሽት ሁለት ጊዜ ዋሻ ወረድን፤ ሥራውም እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር። ለምን እንዳልነገረን ጠየቅሁት። እርሱም፥ «በመንደሩ ሁሉ ሰው ያዩኝ የነበረው በኀዘን ዐይን ነው። እናንተ ዘንድ ግን ቆፋሪ ነበርሁ፤ እንድቆፍር ትጠብቁኝ ነበር። ወደዚያ የመጣሁት ስለዚህ ነው» አለኝ።

ይህ መልስ አልተዋጠልኝም፤ ዛሬም በሙሉ አልተዋጠልኝም። በኛ ልማድ ለቅሶ ያልደረሰ ወዳጅ ወዳጅ አይባልም፤ ድንኳኑ የሚተከለው፥ ሰውም የሚቀመጠው ኀዘንተኛው በሌላ ስም እንዳይጠራ፥ ኀዘኑም የሁሉ ሥራ እንዲሆን ነው። የወዳጄ ሚስት ሞታ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሳላውቅ መኖሬን ሳስብ የእናቴ ጥያቄ ትክክል ሆኖ ይታየኛል። በሌላው ወገን ደግሞ፥ ያ ሰው በዚያች ምሽት ከዋሻው በቀር የሚሄድበት ስፍራ አልነበረውም። የወንድሜን ነገር በየምሽቱ የጠየቁት እነርሱ ናቸው፤ እርሱን ግን ማንም ያልጠየቀው ጠያቂ እንዲኖር ስላልፈለገ ነው። ይህ ወዳጅነት ሰው ያመጣውን ያህል ብቻ የሚያውቅ ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን የሚመለከት ጐረቤት የለውም። ጥቅሙም ጕድለቱም ከዚህ ከአንዱ ነገር የሚመነጭ ይመስለኛል። ለማንኛውም እኔ በዚያች ጠዋት በአማርኛ «ነፍስ ይማር» አልሁት፤ ከሥዕሏም ፊት ጥቂት ተቀመጥሁ። ምን እንዳልሁ አልጠየቀኝም፤ ቡና ቀዳልኝ።

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በኖርዌይ አገር ማትስ ስቴን የተባለ ጡንቻ በሚያደክም በሽታ ተይዞ በተሽከርካሪ ወንበር ይኖር የነበረ ወጣት በ2007 ዓ.ም. ኅዳር ወር በ25 ዓመቱ ዐረፈ። ወላጆቹ ልጃችን ብቸኛ ሆኖ ኖረ ብለው ያዝኑ ነበር። ይጽፍበት በነበረው ገጽ ላይ መሞቱን ባስታወቁ ጊዜ ግን፥ ዎርልድ ኦፍ ዎርክራፍት በተባለው ጨዋታ ለዓመታት አብረውት ከነበሩ የልዩ ልዩ አገር ሰዎች ደብዳቤ ይጐርፍ ጀመር፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ወደ ቀብሩ መጡ። ታሪኩ በ2016 ዓ.ም. በፊልም ቀርቧል። ፊልሙን ያየሁት ከግዳንስክ ከተመለስሁ በኋላ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ ያየሁት የወላጆቹን ፊት ነበር። በቤታቸው ያደገውን ልጅ ለማወቅ ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ ማንበብ ነበረባቸው። በተቃራኒው እኔ የጋጋሪውን ሰው ለማወቅ መርከብ መሳፈር ነበረብኝ።

ዛሬ የምንገናኘው እንደ ቀድሞው በየምሽቱ አይደለም። ብራዚሊቱ ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ የጠበቆች ቢሮ ትሠራለች፤ ወንድሜም ሚስት አግብቷል። ቅዳሜ ማታ ግን አንቀርም። የሚያስቸግረን የሰዓቱ ነገር ነው። ስዊድንና ፖላንድ በጥቅምት ወር ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመልሳሉ፤ አዲስ አበባና ብራዚል ግን አይነኩትም። ስለዚህ በበጋቸው እኛ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ስንጀምር ለወንድሜ ሦስት ሰዓት የነበረው፥ በክረምታቸው አራት ይሆንበታል፤ ለብራዚሊቱም ከቀኑ ዘጠኝ የነበረው ዐሥር ይሆናል። በየዓመቱ በዚያ ሳምንት አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ መምጣቱ አልቀረም ነበር። ባለፈው ጥቅምት ጋጋሪው በዱቄት ከረጢት ወረቀት ላይ በእጁ ሠንጠረዥ ሠርቶ፥ በመጋገሪያው ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ፎቶግራፉን ላከልን። የፖላንድንና የስዊድንን ሰዓት 20 ብሎ፥ የብራዚልን 16 ብሎ ጽፏል። በአዲስ አበባ ትይዩ ግን ያሰፈረው 22 ሳይሆን 4 ነው፤ ከአጠገቡም ትንሽ ጨረቃ ሥሎበታል።